«መድኃኒቱ አልተስማማኝም»፦ የፔኒሲሊን አለርጂን ከተራ የጎንዮሽ ጉዳት መለየት ለምን ያስፈልጋል?

አንዲት እናት ልጃቸው አሞክሲሲሊን በወሰደ በሁለተኛው ቀን ተቅማጥ ስለያዘው «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ይላሉ። አንድ ወጣት መርፌ ተወግቶ ከወንበሩ ሳይነሳ ራሱን ስለሳተ ይህንኑ ይናገራል። ሌላ ሰው ደግሞ መድኃኒቱን በዋጠ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከንፈሩ አብጦ፣ ገላው ሁሉ በሚያሳክክ እብጠት ተሸፍኖና ትንፋሽ አጥሮት በመከራ መትረፉን ያስታውሳል።

ሦስቱም የሚጠቀሙበት ቃል አንድ ነው። በሰውነታቸው የደረሰው ነገር ግን የተለያየ ነው። ከሦስቱ መካከል የአለርጂ ምልክት የታየበት የመጨረሻው ብቻ ነው። ይሁንና በሕክምና ካርዳቸው ላይ የሚሰፍረው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ይሆናል፦ «የፔኒሲሊን አለርጂ አለው»።

ይህች አጭር ጽሑፍ አንዴ ከሰፈረች በኋላ የምትሰረዝበት ጊዜ ጥቂት ነው። በሽተኛው ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወር፣ ወደ ሌላ አገር ቢሰደድም ትከተለዋለች። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚገኝ ሐኪም «ለመድኃኒት አለርጂ አለብዎ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከብዙ ዓመታት በፊት በልጅነት ከወላጅ የተሰማ ቃል ተተርጉሞ በኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ ይገባል።

የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) እንደሚለው በአገሪቱ ከሚኖሩ ሰዎች 10 በመቶ ያህሉ ለፔኒሲሊን አለርጂ እንዳለባቸው ይናገራሉ። በእርግጥ አለርጂው ያለባቸው ግን ከአጠቃላዩ ሕዝብ ከ1 በመቶ በታች ናቸው። አለርጂ ያለባቸው ሰዎችም ቢሆኑ ለዘለዓለም አብሯቸው አይኖርም፤ መድኃኒቱን ሳይወስዱ አስር ዓመት ከቆዩት መካከል 80 በመቶ የሚሆኑት አለርጂው ይለቃቸዋል።

አለርጂ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ማንኛውም መድኃኒት ከተፈለገው ጥቅም ጎን ያልተፈለገ ውጤት ሊያስከትል ይችላል። ፔኒሲሊንና የቅርብ ዘመዶቹ የሆኑት እንደ አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊንና ክሎክሳሲሊን ያሉ መድኃኒቶች በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን ሲገድሉ በአንጀት ውስጥ በሰላም የሚኖሩትን ባክቴሪያዎችም አብረው ያጠቃሉ። ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ቁርጠትና ቀለል ያለ ተቅማጥ በአብዛኛው ከዚህ የሚመጡ ናቸው። በአፍ ውስጥ ወይም በሴቶች ብልት ላይ የሚወጣ የፈንገስ ሕመምም ምክንያቱ ተመሳሳይ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ሲመናመኑ ፈንገሱ ቦታ ያገኛል።

እነዚህ ሁሉ የመድኃኒቱ የታወቁ የጎንዮሽ ጉዳቶች ናቸው። መጠኑ ከፍ ሲል ይብሳሉ፤ መጠኑ ሲቀንስ ወይም መድኃኒቱ ሲቋረጥ ይተዋሉ። ያስቸግራሉ፣ አንዳንዴም መድኃኒት ያስቀይራሉ፤ ነገር ግን አለርጂ አይደሉም።

አለርጂ ሲሆን ስህተቱ የሚመጣው ከሰውነት የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት መድኃኒቱን እንደ ጠላት ይቆጥረውና «አይጂኢ» የተባለ የመከላከያ ፕሮቲን ያዘጋጅበታል። መድኃኒቱ በሌላ ጊዜ እንደገና ሲገባ ይህ ፕሮቲን ሂስታሚን የተሰኘውን ንጥረ ነገር ያጠራቀሙ ሴሎች ባንድ ጊዜ እንዲፈነዱ ያደርጋል። ሂስታሚኑና አብረውት የሚወጡት ንጥረ ነገሮች የደም ሥሮችን ያሰፋሉ፣ ቆዳን ያሳብጣሉ፣ የአየር ቧንቧን ያጠብባሉ።

ለዚህ ነው እውነተኛው ፈጣን አለርጂ የራሱ የሆነ መልክ ያለው። በቆዳ ላይ ከፍ ከፍ ያሉ፣ በጣም የሚያሳክኩና ከአንዱ ቦታ ጠፍተው በሌላው የሚወጡ እብጠቶች ይታያሉ። ከንፈር፣ የዐይን ሽፋን ወይም ምላስ ያብጣል። ደረት ይጨነቃል፣ ትንፋሽ ሲር ሲር ይላል፣ ድምፅ ይጎረንናል። የደም ግፊት ይወርዳል፣ ልብ በፍጥነት ትመታለች። ከእነዚህ ምልክቶች ከበድ ያሉት ሲከሰቱ ሁኔታው አናፊላክሲስ ይባላል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል።

ሰዓቱ ብዙ ይናገራል

አንድ ሰው «አልተስማማኝም» ሲል ባለሙያው ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ቀዳሚው «መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላ ስንት ሰዓት ቆይቶ ጀመረዎ?» የሚለው ነው።

በአይጂኢ አማካይነት የሚመጣው አለርጂ ፈጣን ነው። በአብዛኛው መድኃኒቱ በተወሰደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ ከጥቂት ሰዓታት በላይ አይዘገይም። በመርፌ ሲሰጥ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ሊከሰት ይችላል።

በሦስተኛው፣ በአምስተኛው ወይም በሰባተኛው ቀን የሚወጣ ጠፍጣፋ ቀይ ሽፍታ የተለየ ነው። ይህ ከሌላ የመከላከያ ሴል የሚመነጭ የዘገየ ምላሽ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፣ ወደ አናፊላክሲስም አይለወጥም። በልጆች ላይ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ጭራሽ የለበትም። ትኩሳት ያመጣው ቫይረስ ራሱ በቆዳ ላይ ሽፍታ ያወጣል። ልጁ በቫይረሱ ታሞ አሞክሲሲሊን ሲታዘዝለት፣ ሽፍታው ከመድኃኒቱ ቀጥሎ ስለመጣ ብቻ ጥፋተኛው መድኃኒቱ ይሆናል። የታወቀው ምሳሌ ጉሮሮን የሚያሳብጠውና በኤፕስታይን-ባር ቫይረስ የሚመጣው ሕመም ነው፤ ይህ ሕመም ያለበት ሰው አሞክሲሲሊን ወይም አምፒሲሊን ሲወስድ ገላውን የሚሸፍን ሽፍታ ሊወጣበት ይችላል። ሕመሙ ካለፈ በኋላ ግን ብዙዎቹ ያንኑ መድኃኒት ያለ ችግር ይወስዳሉ።

ከዘገዩት ምላሾች መካከል ጥቂቶች ግን አደገኛ ናቸው። ቆዳው ውኃ የቋጠረ እንደሆነ፣ እንደ ቃጠሎ ከተላጠ፣ አፍ፣ ዐይንና ብልት ከቆሰሉ፣ ወይም ሽፍታው ከከባድ ትኩሳትና ከጉበት ወይም ከኩላሊት መጎዳት ጋር ከመጣ በሽተኛው ወዲያውኑ ሆስፒታል መግባት አለበት። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ያንን መድኃኒት «እስቲ እንሞክረው» ተብሎ በፍጹም ዳግም አይሰጠውም።

በየአራት ሳምንቱ የሚወሰደው መርፌ

በምሥራቅ አፍሪካ ይህ ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚከብደው ሩማቲክ የልብ ሕመም ባለባቸው ልጆችና ወጣቶች ላይ ነው። ሕመሙ የሚጀምረው ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ ከሚመጣ የጉሮሮ ቁስለት ነው። በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሳምንታት በኋላ የመገጣጠሚያ እብጠትና ትኩሳት ያመጣል፤ የልብንም በሮች ይጎዳል። ጉሮሮው በተመሳሳይ ባክቴሪያ በታመመ ቁጥር በሮቹ ይበልጥ ይጠባሉ ወይም ይከፈታሉ። መጨረሻው የልብ ድካም፣ ቀዶ ሕክምና ወይም ሞት ሊሆን ይችላል።

ይህን መንገድ የሚዘጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የተባለው መርፌ ነው። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ በጡንቻ ላይ ይወጋል፤ ቀስ እያለ ወደ ደም ስለሚገባ ልጁን ለሳምንታት ይጠብቃል።

መርፌው ምን ያህል እንደሚጠቅም በኡጋንዳ ሰሜናዊ ክፍል፣ በጉሉ የተካሄደ ጥናት በግልጽ አሳይቷል። በ2021 ውጤቱ ይፋ የሆነው ይህ ጥናት ሕመሙ ገና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የተገኘባቸውን ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 818 ልጆች አሳትፏል። ከሁለት ዓመት በኋላ መርፌውን በየአራት ሳምንቱ ከወሰዱት ሕመሙ የተባባሰባቸው 0.8 በመቶ ብቻ ነበሩ። ካልወሰዱት መካከል ግን በ8.2 በመቶው ላይ ተባብሷል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከተሰጡት በሺዎች የሚቆጠሩ መርፌዎች የተመዘገበው አናፊላክሲስ አንድ ነበር፤ እርሱም ቀላል ነበር።

ይሁንና መርፌው ይፈራል። በሽተኞች ይፈሩታል፤ የሚወጉት ባለሙያዎችም ይፈሩታል። ከመርፌው በኋላ ሰው ወድቆ ሞተ የሚል ወሬ በአንድ አካባቢ ሲሰማ ጤና ጣቢያው መርፌውን መስጠት ሊያቆም ይችላል። ከዚህ ፍርሃት የሚወለደው ደግሞ «አለርጂ» የሚለው የችኮላ ፍርድ ነው።

አንዲት ልጅ ወድቃለች፤ ምክንያቱ ምንድን ነው?

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ13 ዓመት ልጅ ናት፤ ክብደቷ 35 ኪሎ ግራም ነው። ከስድስት ወር በፊት መገጣጠሚያዋ አብጦ ስትመረመር የልብ አልትራሳውንድ ከበሮቿ አንዱ መጠነኛ ደም እንደሚያሳልፍ አሳየ። ከዚያ ወዲህ በየአራት ሳምንቱ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ስትወጋ ቆይታለች። አምስቱን ያለ ችግር ወስዳለች።

በስድስተኛው ቀን ቁርስ ሳትበላ ከቤት ወጥታ ረጅም ሰዓት ተሰለፈች። መርፌው ወፍራም ነው፣ ያማል፤ ልጅቷም ከመወጋቷ በፊት ጀምራ ስትንቀጠቀጥ ነበር። መርፌው በወጣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ፊቷ ነጣ፣ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቃት፣ ዐይኗ ጨለመባትና ወደቀች። ነርሷ ስትነካት የልብ ምቷ በደቂቃ 48 ነው። ቆዳዋ ላይ ሽፍታ የለም፤ ከንፈሯ አላበጠም፤ ትንፋሿ ጥርት ያለ ነው። በጀርባዋ አስተኝተው እግሮቿን ከፍ ሲያደርጉላት በሦስት ደቂቃ ውስጥ ነቅታ ውኃ ጠየቀች።

ይህ ሁሉ የሚናገረው ስለ አለርጂ አይደለም። ሕመም፣ ፍርሃትና ባዶ ሆድ ሲገጣጠሙ ሰውነት የልብን ምት የሚያዘገየውን ነርቭ ያነቃዋል፤ የደም ግፊትም በቅጽበት ይወርዳል። ደም ሲሰጡ ወይም ክትባት ሲከተቡ ራሳቸውን የሚስቱ ሰዎች ላይ የሚታየው ይኸው ነው። ዋናዎቹ መለያዎች አራት ናቸው፦ የልብ ምቱ ዘገምተኛ መሆኑ፣ ቆዳው ነጥቶ መቀዝቀዙ እንጂ ቀልቶ አለማበጡ፣ ትንፋሹ አለመታወኩና በመተኛት ብቻ ቶሎ መመለሱ። በአናፊላክሲስ ጊዜ ልብ አብዛኛውን ጊዜ በፍጥነት ትመታለች፤ በሽተኛውም በመተኛት ብቻ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ወደ ጤናው አይመለስም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አናፊላክሲስ አንዳንድ ጊዜ ያለ ሽፍታ ሊመጣ ስለሚችል የሽፍታ አለመኖር ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ትንፋሽ ከተቸገረ፣ ድምፅ ከተለወጠ ወይም በሽተኛው ተኝቶም ካልተሻለው አድሬናሊን በጭኑ ጎን ጡንቻ ላይ ሳይዘገይ መወጋት አለበት። ሃይድሮኮርቲሶንም ሆነ የማሳከክ መድኃኒት አድሬናሊንን አይተኩም፤ እነርሱ እስኪሠሩ ድረስ ጊዜው ያልፋል። ፍርዱ ኋላ ሊመረመር ይችላል፣ ሕክምናው ግን አይጠብቅም።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። በካርዷ ላይ በቀይ ብዕር «ፔኒሲሊን አለርጂ» ተብሎ ቢጻፍ ምን ይከተላል? መርፌው ይቆምና በምትኩ ኤሪትሮማይሲን እንክብል በቀን ሁለት ጊዜ ይታዘዝላታል። በዓመት 13 መርፌ ይበቃት የነበረች ልጅ አሁን 730 እንክብል በሰዓቱ መዋጥ አለባት። የልብ በሯ ስለተጎዳ መከላከያውን ቢያንስ ለአስር ዓመት መቀጠል ይኖርባታል፤ ይህም ከ7 ሺህ በላይ እንክብል ነው። መድኃኒቱ ሆድ ያውካል፣ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ከገበያም ይጠፋል። ልጅቷ ጤነኛ ሆና በሚሰማት ቀን መዋጥ ትተዋለች። በአፍ የሚወሰድ መከላከያ ከመርፌው ያነሰ ጥበቃ የሚሰጥበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ የልብ በሯን የሚጎዳው ፔኒሲሊን ሳይሆን በካርዷ ላይ የሰፈረው ቃል ሊሆን ይችላል።

የልጅቷ መፍትሔ ቀላል ነበር። ለሚቀጥለው መርፌ በልታና ውኃ ጠጥታ እንድትመጣ፣ ተኝታ እንድትወጋ፣ መርፌው በዝግታ እንዲሰጣትና ከዚያ በኋላ እየታየች እንድትቆይ ማድረግ ነው። ሐኪሙ ሕመሙን ለመቀነስ ማደንዘዣ ከመርፌው ጋር ሊቀላቅልም ይችላል። በካርዷም ላይ «መርፌ ስትወጋ ራሷን ሳተች፤ ምት 48፤ ሽፍታና የትንፋሽ ችግር የለም፤ ተኝታ በ3 ደቂቃ ተመለሰች» ተብሎ ይጻፋል።

ሞቱስ ከየት መጣ?

ፍርሃቱ ግን መሠረት የሌለው አይደለም። በ1991 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት 1,790 በሽተኞችን ተከታትሎ ከ32 ሺህ በላይ መርፌዎችን መዝግቦ ነበር። አለርጂ የታየባቸው 57 ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱ አናፊላክሲስ የገጠማቸው 4 ሲሆኑ አንድ ሰው ሞቷል። ይህም ከ10 ሺህ መርፌ አንድ ያህል አናፊላክሲስ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በተለያዩ አገሮች ከመርፌው በኋላ የደረሱ ሞቶችን የመረመሩ ባለሙያዎች አንድ ነገር አስተውለዋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የልብ በራቸው ክፉኛ የተጎዳ ነበር፤ ሲወድቁም የአናፊላክሲስ ምልክት አልታየባቸውም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 ባወጣው ምክር እንደገለጸው፣ እንዲህ ባሉ በሽተኞች ላይ ለሞት የሚያበቃው ከአለርጂ ይልቅ የልብ አቅም ማጣት ሳይሆን አይቀርም። ጤነኛ ልብ ያላት ልጅ ምቷ ዘግይቶ የደም ግፊቷ ሲወርድ በደቂቃዎች ውስጥ ትመለሳለች፤ በሯ እጅግ የጠበበ ወይም የደከመ ልብ ግን ያንን ድንገተኛ መውረድ ላይቋቋመው ይችላል።

ስለዚህ ማኅበሩ ከባድ የበር ጉዳት ያለባቸው፣ የሚያስቸግር የልብ ድካም ምልክት ያላቸው ወይም የልባቸው የመምታት አቅም የቀነሰ በሽተኞች ከመርፌ ይልቅ በአፍ የሚወሰድ መከላከያ ቢታሰብላቸው ይመክራል። ይህ ውሳኔ ከአለርጂ ጋር አይገናኝም፤ እንዲያውም እነዚህ በሽተኞች በአፍ የሚወስዱት መድኃኒት ራሱ ፔኒሲሊን ሊሆን ይችላል። «አለርጂ» ተብሎ ቢጻፍባቸው ግን ይህም በር ይዘጋባቸዋል።

የነፍሰ ጡሯ ጉዳይ

የተሳሳተ ጽሑፍ ብዙ ዋጋ የሚያስከፍልበት ሌላው ቦታ የእርግዝና ክትትል ነው። በነፍሰ ጡር ላይ ቂጥኝ ከተገኘና ካልታከመ ጽንሱ ሊሞት፣ ሕፃኑም ከነሕመሙ ሊወለድ ይችላል። እናቲቱን ብቻ ሳይሆን በማሕፀን ያለውንም ሕፃን እንደሚያክም የተረጋገጠለት መድኃኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። ኤሪትሮማይሲንና አዚትሮማይሲን እናቲቱን ቢረዱም የእንግዴ ልጁን አልፈው ጽንሱ ጋ በበቂ መጠን አይደርሱም። በእነዚህ የታከመች እናት የምትወልደው ሕፃን እንደተወለደ መታከም ይኖርበታል።

እንዲህ ያለች ሴት ከአስራ አምስት ዓመት በፊት አሞክሲሲሊን ወስዳ ሆዷን ስላመማት «አለርጂ አለብኝ» ካለች፣ አንድም ጥያቄ ሳይጠየቅ መድኃኒት መቀየር የሁለተኛውን ሰው ሕክምና መከልከል ይሆናል። አለርጂው እውነተኛ ሆኖ ሲገኝ እንኳ፣ የተሟላ ሆስፒታል ባለበት ቦታ ፔኒሲሊኑን ከእጅግ ጥቂት መጠን ጀምሮ በሰዓታት ውስጥ እየጨመሩ ሰውነትን የማለማመድ ሕክምና ይሰጣል። ይህ በቤት ወይም በትንሽ ክሊኒክ የሚሞከር አይደለም።

ተመሳሳይ ነገር በቀዶ ሕክምናና በከባድ ኢንፌክሽን ጊዜም ይደርሳል። ፔኒሲሊን የተከለከለ በሽተኛ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎችን በጅምላ የሚያጠቁ መድኃኒቶች ይታዘዙለታል። እነዚህ ውድ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ለኩላሊት ይከብዳሉ፣ በአንጀት ውስጥ ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ እንዲበዛ መንገድ ይከፍታሉ፣ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችንም ያበራክታሉ።

ጽሑፉ እንዴት ይሰረዛል?

የመጀመሪያው እርምጃ ጥያቄ ነው። የትኛው መድኃኒት ነበር? መቼ? ከስንት ሰዓት በኋላ ጀመረ? ምን ታየ? ለማዳን መድኃኒት ተሰጠ ወይስ በራሱ ተወ? ከዚያ ወዲህ አሞክሲሲሊን ወይም አምፒሲሊን ተወስዶ ያውቃል? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ጉዳዩን ብቻውን ይፈታዋል፤ ከተጠረጠረው ምላሽ በኋላ አሞክሲሲሊንን ያለ ችግር የጨረሰ ሰው ለፔኒሲሊን አለርጂ ነው ማለት ያዳግታል።

በአውስትራሊያ የተዘጋጀና ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት «ፔን-ፋስት» የተሰኘ አጭር የነጥብ መለኪያ አለ። ምላሹ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ ከደረሰ 2 ነጥብ፣ አናፊላክሲስ፣ የፊት እብጠት ወይም ከባድ የቆዳ ጉዳት ከነበረ 2 ነጥብ፣ ሕክምና ካስፈለገው ደግሞ 1 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ ከ3 በታች የሆነ ሰው በእርግጥ አለርጂ የመሆን ዕድሉ ከ5 በመቶ ያነሰ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቀጣዩ እርምጃ በባለሙያ ፊት መድኃኒቱን መዋጥ ነው። አንድ መጠን አሞክሲሲሊን ይሰጠዋል፤ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ይታያል፤ አድሬናሊንም በቅርብ ይዘጋጃል። ምንም ካልታየ ጽሑፉ ይሰረዛል። በ2023 የታተመና በነጥቡ ዝቅ ያሉ አዋቂዎችን ያሳተፈ ጥናት ይህን ቀጥተኛ ሙከራ የቆዳ ምርመራን ከሚያስቀድመው የቆየ አሠራር ጋር አነጻጽሮ ነበር። በሁለቱም ወገን አለርጂ የታየበት አንድ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከ200 ሰው አንድ ማለት ነው።

በአካባቢው ብዙ ሰው የሚያውቀው ምርመራ ግን ሌላ ነው። ከመርፌው በፊት ጥቂት መድኃኒት በውኃ ቀጥኖ በክንድ ቆዳ ውስጥ ይወጋና ይቀላ እንደሆነ ይታያል። ትክክለኛው የቆዳ ምርመራ ግን ለዚሁ ሲባል የተዘጋጁ ንጥረ ነገሮችንና ማነጻጸሪያ የሚሆኑ ሌሎች ሁለት መርፌዎችን ይጠይቃል፤ አንደኛው ቆዳውን የግድ የሚያሳብጥ፣ ሁለተኛው ፈጽሞ የማያሳብጥ። ማነጻጸሪያ በሌለበትና የመድኃኒቱ ቅጥነት በግምት በሆነበት ሁኔታ ቆዳው የሚቀላው መድኃኒቱ ስላቃጠለው ብቻ ሊሆን ይችላል። አለመቅላቱም ቢሆን አናፊላክሲስ አይመጣም ለማለት አያበቃም። የበሽተኛውን ታሪክ በጥንቃቄ መስማት ከእንዲህ ያለው ነጠብጣብ የበለጠ ይናገራል።

ነጥባቸው ከፍ ያለ፣ በተለይም በቅርብ ዓመታት አናፊላክሲስ የደረሰባቸው ሰዎች ወደ ስፔሻሊስት መላክ አለባቸው። ቆዳቸው የተላጠባቸው፣ ወይም በመድኃኒቱ ምክንያት ደማቸው፣ ጉበታቸው ወይም ኩላሊታቸው የተጎዳባቸው ሰዎች ደግሞ ጽሑፋቸው መሰረዝ የለበትም። ማንም ሰው በቤቱ ራሱን ሊሞክር አይገባም።

በካርዱ ላይ ምን ይጻፍ?

አዲስ ምላሽ ሲከሰት የሚጻፈው ነገር ለሚቀጥለው ሐኪም ፍርዱን የሚያቀል መሆን አለበት። «አለርጂ» ከሚለው ነጠላ ቃል ይልቅ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ በአፍ ወይም በመርፌ መሰጠቱ፣ ምላሹ የጀመረበት ሰዓት፣ በዐይን የታየው ምልክት፣ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ፣ የተሰጠው ሕክምናና ለመዳን የፈጀው ጊዜ ቢሰፍር ሁሉም ይገለጣል። ሽፍታው በስልክ ፎቶግራፍ ቢነሣ ደግሞ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

በሽተኛውም ሆነ ወላጁ «አይስማማኝም» ከማለት የሆነውን ቢናገር ይሻላል፦ «ተቅማጥ ያዘኝ»፣ «በአምስተኛው ቀን ሽፍታ ወጣብኝ»፣ «ከንፈሬ አብጦ ትንፋሽ አጠረኝ»። የመጀመሪያው የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ሁለተኛው መመርመር ያለበት ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ አለርጂ ተብሎ የሚያዝ ነው። ከውጭ አገር ሐኪም ጋር በአስተርጓሚ የሚነጋገር ሰውም ቢሆን «አለርጂ» የሚለውን ቃል አስቀርቶ ምልክቱን ቢያስተረጉም፣ በመዝገቡ የሚሰፍረው በእርግጥ የደረሰበት ነገር ይሆናል።